አርጃኖ ያልነው አዞ፦ ስሙ የጠፋብኝን የልጅነት ካርቱን ያገኘሁበት መንገድ

በአባታችን አርባ ማግስት ዘመድ አዝማዱ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኔና ሁለቱ ታላላቆቼ ባሕር ዳር ባለው የወላጆቻችን ቤት ብቻችንን ቀረን። ስለ አባታችን ስናወጋ ሦስታችንም ወደ አንድ ምሽት ተመለስን። አባታችን ሦስታችንን አንድ ላይ ይዞ ከቤት የወጣበትና የካርቱን ፊልም ያሳየን ብቸኛው ምሽት ነበር። ዓመቱ 1970 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የሰባት፣ ወንድሜ የዘጠኝ፣ እህቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን። የፊልሙን ስም ግን ከሦስታችን አንዳችንም አናውቀውም። እኔ የማስታውሰው ባርኔጣ ያደረገ እንስሳ እንደ ሰው ቆሞ ሲናገር፣ ከተማው በዝናብ ሲርስ፣ መጨረሻ ላይም ባቡር ሲሄድ ነበር። ይህን ፊልም ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ የባከነው በራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ፍለጋ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል ብዬ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት ገና ፍለጋው ሳይጀመር፣ በዚያው ምሽት ነው። ለወንድሜ «በቴሌቪዥን ያየነው አይደል? እንስሳውም በአማርኛ ነበር የሚናገረው» አልሁት። ወንድሜ ጥቂት አሰበና «አዎ፣ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር የቴሌቪዥኑን ሣጥን፣ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ የነበረውን ዳንቴል ሳይቀር ይነግረኝ ጀመር። ወንድሜ ውሸታም አይደለም፤ እኔ የሰጠሁትን ቃል የራሱ ትዝታ አድርጎ በቅን ልብ ሥዕል ሠራለት እንጂ። በዚያን ጊዜ በቤታችን ቴሌቪዥን እንዳልነበረ ያስታወስሁት ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በአማርኛ የተተረጎመ የልጆች ፕሮግራም አለ እያልሁ የቆየ ነገር ያውቃል የተባለውን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ከረምሁ። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ያየ እህት ወይም ወንድም ካለ፣ እናንተ የምታስታውሱትን ከመናገራችሁ በፊት እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ፤ የሰጣችሁንም መልስ በዚያው ቀን በወረቀት ላይ አስፍሩ። አንድ ጊዜ የተቀላቀለ ትዝታ የማን እንደነበረ ለመለየት በጣም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ስሕተት ከቃል የመጣ ነው። በልጅነቴ ያንን እንስሳ «አርጃኖው» እለው ነበር፤ እናታችንም «የአርጃኖው ፊልም» እያለች ስታነሣው አድጌአለሁ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስፈልግ የምጽፈው ለእንሽላሊትና ለአርጃኖ የተሰጠውን ቃል ነበር፤ የሚመጣልኝም ከእኔ ፊልም ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ነው። ያልተረዳሁት ነገር ቀላል ነበር። በጣና ዳር ያደግን ልጆች ከውኃ እንስሳ የምናውቀው ጉማሬና አርጃኖ ነው፤ አዞ ለእኛ ከዓባይ በረሃ የሚመጡ መንገደኞች የሚያወሩት እንጂ በዓይናችን ያየነው አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ረጅም አፍና አረንጓዴ ቆዳ ያለው ፍጡር ሲያይ በሚያውቀው ስም ይጠራዋል። በልጅነታችሁ ለእንስሳው የሰጣችሁት ስም ያኔ የምታውቁትን እንጂ ፊልም ሠሪው ያሰበውን አይናገርም። ስለዚህ ስሙን ተዉትና አካሉን ጻፉ፤ ቀለሙን፣ አፉን፣ ጆሮውን፣ በስንት እግሩ እንደሚሄድ፣ የሚለብሰውን። ከስሙ ይልቅ ይህ ብዙ መንገድ ይወስዳችኋል።

ሦስተኛው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነበር። «1970» የሚለውን ቁጥር እንዳለ ወስጄ ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠሩትን ፊልሞች ሁሉ ከዝርዝሬ ሰረዝሁ። የእኛ 1970 ዓ.ም. በፈረንጆች ከመስከረም 1977 እስከ መስከረም 1978 ያለው ጊዜ መሆኑን የእህቴ ልጅ ካሳየችኝ በኋላ፣ የሰባት ዓመት ሥራ ያለ በደሉ ከሚዛን ውጭ እንዳደረግሁ ገባኝ። በኋላ እንደተገለጠው፣ የፈለግሁት ፊልም ከሰረዝኋቸው መካከል ነበር። ያያችሁበት ዓመት ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት አይነግራችሁም፤ ከዚያ በኋላ እንዳልተሠራ ብቻ ያረጋግጣል። በዚያን ጊዜ አንድ ፊልም ከተሠራበት አገር ተነሥቶ ጎጃም እስኪደርስ ዓመታት ሊወስድ እንደሚችልም አስቡ።

እነዚህን ካረምሁ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት መጣ፤ የተሳሳተ መልስ አግኝቼ አመንሁት። ወንድሜ እንስሳው «ትንሽ፣ ቡናማና ፀጉራም» እንደነበረ አጥብቆ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ አረንጓዴ ነው እለዋለሁ። እርሱ ታላቄ ስለሆነ ትዝታው ከእኔ ይሻላል ብዬ የራሴን ጣልሁና ባርኔጣ፣ ካፖርት፣ ዝናባማ ከተማና ባቡር ያለበትን የፀጉራም እንስሳ ታሪክ ፈለግሁ። ፓዲንግተን የተባለው ድብ ወዲያው ወጣልኝ። የሚኖረው ለንደን ነው፤ ባርኔጣና ካፖርት አለው፤ ስሙ ራሱ የተገኘው ከባቡር ጣቢያ ነው፤ የቴሌቪዥን ተከታታዩ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንድ ክፍል ለወንድሜ ባሳየሁት ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እርሱ ነው» አለኝ። እኔም ፍለጋው አለቀ ብዬ ደብረ ማርቆስ ለምትኖረው እህቴ ደወልሁ።

እህቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ድብ? እኛ ድብ አላየንም። አኮርዲዮኑስ የት ሄደ?» አለችኝ። ስለ አኮርዲዮን ከእርሷ በቀር ማንም አንሥቶ አያውቅም ነበር። ደግሜ ስመለከተው፣ በፓዲንግተኑ ተከታታይ ውስጥ ድቡ አካል ያለው አሻንጉሊት ሲሆን በዙሪያው ያሉት ሰዎች ግን በወረቀት ላይ እንደተሣሉ ጠፍጣፋ ናቸው። ወንድሜን «በዚያ ምሽት ያየሃቸው ሰዎች ጠፍጣፋ ነበሩ ወይስ ድንቡሽቡሽ?» አልሁት። ጊዜ ሳይወስድ «አሮጊቷ አፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ ነበር፤ ጥላዋም መሬት ላይ ይወድቅ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። አሮጊት የምትባል ሴት በፊልሙ ውስጥ እንዳለች የሰማሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ባርኔጣ፣ ካፖርት፣ ዝናብና ባቡር በብዙ የልጆች ፊልም ውስጥ ስላሉ፣ አራቱም ቢገጥሙ ማስረጃነታቸው ደካማ ነው። በዝናብ ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወት እንስሳ ግን በዓለም ላይ ስንት ቦታ ይገኛል? እናንተም ከምታስታውሱት መካከል በጣም እንግዳ የሆነውን፣ «ይህስ የሕልሜ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ልትጥሉት የቃጣችሁን ነገር፣ ከሁሉ በፊት አስቀምጡት።

ከዚያ በኋላ እህቴን በስልክ መጠየቅ ትቼ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አላነሣሁም። «እትዬ፣ የዚያን ዕለት ከቤት ስንወጣ ምን ለብሰሽ ነበር?» ብዬ ጀመርሁ። ከአለባበሷ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ግቢው በር፣ ከበሩ ወደ አዳራሹ እያለች በራሷ ፍጥነት ተጓዘች፤ እኔ «ከዚያስ?» ከማለት በቀር ምንም አልጨመርሁም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ስታወራ፣ እኔ ስጽፍ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በሁለት ዓመት ካገኘሁት ሁሉ በላጩን ያገኘሁት በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው።

የሄድንበት ቦታ አባታችን በወርክሾፕ ይሠራበት የነበረው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ግቢ ነበር። በግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ ነበር፤ ከኋላችን ያለው መኪናም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጫቀጭ ነበር። ቴሌቪዥን አልነበረም ማለት ነው። ቀጥላም መብራቱ በየመካከሉ እየበራ ልጆቹ እንደሚጮኹ፣ ይህም ሦስት ጊዜ እንደሆነ ነገረችኝ። ቁጥሩን ያስታወሰችው በበራ ቁጥር አባታችን አንዳንድ ከረሜላ ይሰጠን ስለነበረና የእርሷን ሦስቱንም ሳትበላ ወደ ቤት ስለወሰደች ነው። ከዚያ ስቃ «አንተ ደግሞ ጽሑፉ ሲወጣ ብድግ ብለህ ‹ቀ! ቀ!› ብለህ ጮህህ፤ ቀጥሎም ‹ሠ!› አልህ። ፊደል የጀመርህ ሰሞን ነበር፤ አባባ ጎትቶ አስቀመጠህ» አለችኝ።

እኔ ይህን ፈጽሞ አላስታውስም፤ ነገር ግን ብዕሬን አስቀምጬ ዝም አልሁ። በአማርኛ ያልተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ «ቀ» እና «ሠ» የሚመስሉ ፊደላት ያሉት ማን ነው? በላቲን ፊደል ውስጥ «ቀ»ን የሚመስል የለም። በሩሲያውያን ፊደል ግን «ፍ» ተብሎ የሚነበበው ክቡ በቀጥታ መስመር የተወጋ ሲሆን ለሕፃን ዓይን «ቀ» ነው፤ «ሽ» ተብሎ የሚነበበውም ሦስት ቋሚ ጣቶች ከታች የተያያዙበት፣ ለእኛ «ሠ» ነው። ቦታውም ይህንኑ ይናገር ነበር፤ የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው፤ በግቢውም ሩሲያውያን መምህራን ይኖሩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልሙ ምን እንደሚመስል ስጠይቅ፣ ከየት ሊመጣ እንደሚችል አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተመለከታችሁበት ቤት፣ አዳራሽ ወይም ትምህርት ቤት የማን እንደነበረ፣ ገንዘቡንና መምህራኑን ማን ይልክ እንደነበረ ብታጣሩ ፍለጋው ከዓለም ሁሉ ወደ አንድ አገር ሊጠብብላችሁ ይችላል።

ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ በዚያ ዘመን በየአዳራሹ ፊልም ያጫውቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ዕድሜአቸው ቢገፋም ስለ ሥራቸው ሲያወሩ እጃቸው ፊልሙን ሲያስገባ ያለ ይመስላል። መብራቱ ሦስት ጊዜ እንደበራ ነገርኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «መብራት የሚበራው ጥቅል ስንቀይር ነው። አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ስላለን ልጆቹ በጨለማ እንዳይደነግጡ እናበራላቸዋለን። የ16 ሚሊ ሜትሩ ትንሿ ጥቅል 120 ሜትር ያህል ትይዛለች፤ 11 ደቂቃ ያህል ትሄዳለች።» ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሦስት ጊዜ ከበራ የተጫወቱት ጥቅሎች አራት ናቸው፤ በአጠቃላይ አርባ ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። «የልጆች ፊልም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥቅል ነው» ሲሉ ጨመሩልኝ። «እንግዲህ ያያችሁት አንድ ፊልም አይደለም፤ ሁለት ነው።»

ይህ አነጋገር ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር። በደብተሬ ላይ ጻፍሁትና ወደ ፍለጋው ሄድሁ። በወጣትነቱ ሶቪየት ኅብረት የተማረ ጎረቤት አለኝ፤ የሚያስፈልጉኝን ቃላት በሩሲያኛ ጻፍልኝ ብዬ ለመንሁት። የአሻንጉሊት ካርቱን፣ አዞ፣ አኮርዲዮን፣ ዝናብ የሚሉትን አራት ነገሮች ብቻ ነበር የፈለግሁት። አርጃኖውን ትቼ አዞ ያልሁት እህቴ «እንደ ዓባይ በረሃ አዞ» ብላ ስለገለጠችው ሲሆን፣ አሻንጉሊት ያልሁት ደግሞ ወንድሜ ስለ ጥላው ስለነገረኝ ነው። በአሻንጉሊት የሚሠራ ፊልም አሻንጉሊቱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ በማንሣት ስለሚዘጋጅ እውነተኛ ጥላ ይኖረዋል፤ በየፎቶው መካከል የሠራተኛው ጣት ስለሚነካውም ፀጉሩ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ይርገበገባል። ጎረቤቴ የጻፈልኝ ይህ ነው፦

```
кукольный мультфильм крокодил гармошка дождь
```

በስልካችሁ ላይ የሩሲያኛ ሰሌዳ መጨመር ካልቻላችሁ ቃላቱን ከሚያውቅ ሰው በመልእክት ተቀብላችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ፊልሙን በተሠራበት ቋንቋ መፈለግ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ወራት የፈጀሁበት ነገር በሩሲያኛ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጣልኝ። ቀይ ካፖርት የለበሰ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ አረንጓዴ አዞ አኮርዲዮን ይዞ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ትልልቅ ክብ ጆሮዎች ያሉት ትንሽ ቡናማ ፀጉራም ፍጡር ቆሟል። እኔና ወንድሜ ለሁለት ዓመት «አረንጓዴ ነው»፣ «ቡናማ ነው» ስንባባል ሁለታችንም እውነት እየተናገርን ነበር፤ እንስሶቹ ሁለት ነበሩ። በእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ክርክር ከተነሣ አንዱን ለመርታት አትቸኩሉ፤ ክርክሩ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አዞው ጌና፣ ባለ ጆሮው ደግሞ ቼቡራሽካ ይባላል። ሁለቱንም የፈጠራቸው ደራሲው ኤድዋርድ ኡስፔንስኪ ሲሆን፣ ፊልሞቹን ያዘጋጀው ሮማን ካቻኖቭ ነው፤ የተሠሩትም ሞስኮ በሚገኘው ሶዩዝሙልትፊልም በተባለ ስቱዲዮ ነው። የስቱዲዮው ስም በሩሲያኛ ሲጻፍ እኔ «ቀ» ያልሁት ፊደል በመካከሉ አለ፤ በቼቡራሽካ ስም ውስጥ ደግሞ «ሠ» ያልሁት። ፊልሞቹ አራት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ1971፣ በ1974 እና በ1983 የተሠሩ። የመጨረሻው እኛ ካየንበት ዓመት በኋላ ስለመጣ ወዲያው ወደቀ።

በዚህ ጊዜ እንኳ ልሳሳት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የ1971ዱን ስመለከት ዝናቡ አለ፤ ጌና ልደቱን በዝናብ ውስጥ አኮርዲዮን እየተጫወተ ይዘፍናል። ባቡሩ ግን የለም። የ1974ቱን ስመለከት ባቡሩ አለ፤ መጨረሻ ላይ በፉርጎው ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ የእኔ ዝናባማ ከተማ ግን በዚህኛው የለም። «አንዱም አይሟላም፤ ይህም አይደለም» ብዬ ስልኩን ላስቀምጥ ስል የሽማግሌው አራት ጥቅሎች ትዝ አሉኝ። እያንዳንዱ ፊልም ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁለት ጥቅል ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ አራት ጥቅልና ሦስት መብራት ይሆናሉ። የሰባት ዓመት ልጅ አእምሮ በአንድ ምሽት ያየውን ሁለት ፊልም አንድ አድርጎ ሰፍቶት ነበር። በተከታታይ ፊልሞች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አንድ ትዕይንት ጎደለ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የዚያኑ ገጸ ባሕርይ ሌሎች ፊልሞች ተመልከቱ።

ከፓዲንግተን የደረሰብኝን ስለማስታውስ ማረጋገጡን በጥንቃቄ አደረግሁት። ለእህቴ ምንም ሳልነግር ደብረ ማርቆስ የጻፍሁትን ደብተር አውጥቼ፣ ፊልሙን ከማግኘቴ በፊት የተናገረቻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አስተያየሁ። «ትንሹ ለትልቁ አውሮፕላን የሚመስል ነገር ሰጠው» ብላ ነበር፤ በ1971ዱ ፊልም ቼቡራሽካ ለጌና ልደት የአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ያመጣለታል። «እንደ ትልቅ ዶማ ያለ፣ ሁለት አፍ ያለው ብረት ይጎትታሉ» ብላ ነበር፤ ብረታ ብረት ሲሰበስቡ የሚጎትቱት የመርከብ መልሕቅ ነው። «አሮጊቷ ከቦርሳዋ አይጥ ታወጣለች» ብላ ነበር፤ ይህች ሻፖክሊያክ የተባለችው፣ 1974ቱም በስሟ የተሰየመላት ተንኮለኛ ሴት ናት፤ ላሪስካ የምትባለውን አይጥ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። እነዚህ ሦስቱ እኔ ሳላውቃቸው የተጻፉ በመሆናቸው የእኔ ምኞት ሊያጣምማቸው አይችልም። ማረጋገጫ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው፤ ፊልሙን ካያችሁ በኋላ «አዎ፣ ይህም ነበረ» የምትሉት ነገር ግን ከደስታው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ወንድሜን በሌላ መንገድ ፈተንሁት፤ ምክንያቱም ቀድሞ ባሳየሁት ድብ ትዝታውን አበላሽቼበት ነበር። ከተለያዩ አገሮች የልጆች ፊልሞች የተወሰዱ ስድስት ሥዕሎች አሳትሜ፣ ፓዲንግተንንም ጨምሬ፣ ምንም ሳልናገር በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ድቡን አንሥቶ ጥቂት ያዘውና መልሶ አስቀመጠው። ቼቡራሽካን ሲያይ ግን «ይኸው ጦጣዬ!» ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ያን ድብ ስላሳየሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔም እኮ አንተን ደስ እንዲልህ ብዬ ሳላጣራ አዎ አልሁ» አለኝ።

በፋሲካ ሦስታችንም ደብረ ማርቆስ ተሰብስበን ሁለቱንም ፊልሞች በቅደም ተከተል ተመለከትን። ከደብተሬ ላይ እስከ መጨረሻ ያልተሰረዘ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ለብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ ነው። አዞው በዝናቡ ውስጥ ቀና ብሎ «ይህ ዝናብ ለጤፉ ደግ ነው» ሲል በጆሮዬ አስታውሰዋለሁ። ንግግሩን ጎረቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርጉሞልኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል በየትኛውም ፊልም የለም። ይህን ለእህቴ ስነግራት ፊልሙን አቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ አዞው በአማርኛ ይናገር ነበር ያልኸው ለዚህ ነው?» አለችኝ። «አባባ እኮ ነው። በእኔና በአንተ መካከል ተቀምጦ በጆሮአችን ይነግረን ነበር። ሩሲያኛውን ከወርክሾፕ የለመዳት ጥቂት ናት፤ ያላወቀውን ከራሱ ይጨምር ነበር።»

ያንን መስመር ከደብተሩ አልሰረዝሁትም። በሌላ ገጽ ገልብጬ ከላዩ የአባቴን ስም ጻፍሁበት፤ ከሥሩም ወንድሜና እህቴ ከፊልሞቹ ውስጥ ያላገኟቸውን፣ አዞው ተናገራቸው የሚሏቸውን ሌሎች ሁለት ቃላት ጨመርንበት።